አፈር ውስጥ አይበርዳትም?

ዛሬ ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሳም። የጦሳ ተራራ ጨርሶ አይታይም። ደሴ እንዲህ ስትሆን ሆዴ ይባባል፣ ሥራም አልሠራ። ጋቢዬን ደርቤ ከሰል ሳቀጣጥል ትንሿ ልጄ ሚጡ መጣችና «እማማ አፈር ውስጥ አይበርዳትም?» አለችኝ። ለሞተችው አያቷ ጋቢ እንውሰድላት ነው የምትለው።

ገና 4 ዓመቷ ነው። በለቅሶው ሰሞን አንዲት ዘመድ ለደግ አስባ «እማማ ተኝታ ነው» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ እሷን ማስተኛት ጭንቅ ሆኗል። እኔን ሸለብ ሲያደርገኝም ዓይኔን በጣቶቿ ትከፍታለች። ልጅ የነገሩትን እንዳለ ነው የሚወስደው።

መጀመሪያ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ምን እንዳሰበች ሳላውቅ ምን እመልሳለሁ? «ብርድ ልብስ የላትማ» አለች። አቀፍኳት። «እማማ ሞታለች። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ተመልሶም አይነሳም። አንቺ ስትተኚ ግን ትተነፍሻለሽ፤ ልብሽም ይመታል።» እጇን ደረቷ ላይ አድርጌ አስደመጥኳት።

«ሰማይ ቤት ናት አላላችሁም?» አለች ደግሞ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዘመድ ነው። አንዱ ገነት፣ ሌላው ጀነት ይላታል። እምነታችንን አልደብቃትም። ግን የሰውነቱን ነገር ነው የማስቀድመው። እሱ ሳይገባት ሰማይ ቤት ካልናት፣ ሄዶ የሚመለስ እንግዳ ነው የሚመስላት።

ሰምታኝ ስታበቃ ሮጣ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። አልገረመኝም። ልጆች ሐዘኑን ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀምሱት። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። በዚህ ዕድሜ ሞት የሚመለስ ነገር ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ እኔም ያንኑ መልስ፣ በዚያው ቃል ደገምኩላት። ቀጥላ ቀስ ብላ «ስለጮህኩባት ነው?» አለች። ለካ ይህን ይዛ ነበር የከረመችው! «አይደለም። ጩኸት ሰው አይገድልም። የእማማ ልብ በጣም፣ በጣም ታሞ ነበር። ሐኪሞቹም ሊያድኑት አልቻሉም» አልኳት። «በጣም» የምለው አውቄ ነው። ዝም ብዬ «ታማ ሞተች» ብላት ነገ ጉንፋን ሲይዘኝ ትደነግጣለች።

«አንቺስ ትሞቻለሽ?» ስትለኝ በፍጹም አልሞትም ብዬ ቃል አልገባሁም። «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል። እኔ ግን ብዙ ዘመን አብሬሽ የምኖር ይመስለኛል። እኔ ባልኖር እንኳ አባትሽ አለ፣ አክስትሽ አለች» አልኳት። ያረጋጋት ይኸኛው ነው።

የሚያሳስበኝ ትልቁ ነው። 9 ዓመቱ ነው። ሞት ማንንም እንደማይተው፣ የሞተ እንደማይመለስ ያውቃል። ከቀብሩ ወዲህ ግን ስለ እማማ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል፤ ሐኪሙ ምንም የለበትም አለ። ትንሿ ጠይቃ ታስወጣዋለች። የማይጠይቀውን ልጅ ከምን ልጀምረው?