ከሦስት አንዴ ብላፍ፦ ለወራት የተሳሳትኩበት ሒሳብ

እሁድ ከሰዓት እዚህ ደሴ ቡና ከጠጣን በኋላ አራት ሆነን ፖከር እንጫወታለን። የምንወራረደው በለስላሳ ቆርኪ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የካርታዎቹን ደረጃ መያዝና ደካማ ካርታ መጣል ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ብላፍ ነው፤ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ እንደያዙ አስመስሎ መወራረድ።

መጀመሪያ ጭራሽ ብላፍ አላደርግም ነበር። አጎቴ ቶሎ ነቃብኝ። "አንተ ካስገባህ ይዘሃል ማለት ነው፤ ለምን ልክፈልህ?" ይልና ካርታውን ይጥላል። ጥሩ ካርታዬ ሁሉ ከንቱ ቀረ።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። መሃል ላይ 10 ቆርኪ አለ እንበል፣ እኔም 10 አስገባሁ። አጎቴ ልይህ ካለ 20 ለማግኘት 10 ይከፍላል። ከሦስት ውርርዴ አንዱ ብላፍ ከሆነ አንዴ 20 ያገኛል፣ ሁለቴ 10 ያጣል። ዜሮ! ቢያይም ቢጥልም ለእሱ ለውጥ የለውም። 5 ብቻ ካስገባሁ ግን 15 ለማግኘት 5 ስለሚከፍል፣ ብላፌ ከአራት አንድ መሆን አለበት።

ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። ከሦስት አንድ የሚባለው ከውርርዶቹ ነው፤ እኔ ግን ካልሞሉልኝ፣ ማለትም የጠበቅኩት ካርታ ሳይመጣ ከቀረባቸው ጥምረቶች አንድ ሦስተኛውን በብላፍ እገፋ ነበር። የመጨረሻዋ ካርታ ወጥታ 6 ዓይነት ጠንካራ ጥምረትና 12 ያልሞላ ጥምረት ሊኖረኝ ይችላል እንበል። ከ12ቱ 4 ከገፋሁ፣ ከ10 ውርርድ 4ቱ ብላፍ ናቸው። አጎቴ ሁሌ ቢያይ 80 አግኝቶ 60 ያጣል፤ 20 ቆርኪ አተረፈብኝ ማለት ነው። ትክክሉ 3 ነው፣ ማለትም ካልሞሉት ሩቡ። ይህን ወረቀት ላይ ቆጥሬ እስካይ ድረስ ወራት ፈጀብኝ።

የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 አንዱ ያገኘውን ሌላው በሚያጣበት የሁለት ሰው ጨዋታ ስላለው ምርጥ ስልት ያረጋገጠው ነገር ምርጫን በዕድል መቀላቀልን ይጠይቃል። የሰው ጭንቅላት ደግሞ ይህን በቀላሉ አይችልም። አሁን አስመሰልኩ፣ ቀጥሎ እተዋለሁ እያለ ተራ ይሠራል። እኔ የእጅ ሰዓቴን እጠቀማለሁ። ካርታዬ ካልሞላ የሰከንዱን ቆጣሪ አያለሁ፤ ከ15 በታች ከሆነ እገፋለሁ፣ ካልሆነ እተዋለሁ። በስሜት ከመገመት ይህ በብዙ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ጠንካራ ካርታ ስይዝም ሰዓቱን ማየት አለብኝ፤ አለዚያ ሰዓት ማየቴ ራሱ ያጋልጠኛል። ይህንንም የነገረኝ አጎቴ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ቀመር ለሚያስብ ተጫዋች ነው። ከእኛ አንዱ ካርታ መጣል አይወድም፣ ሁሌ ያያል። እሱ ላይ ብላፍ ማድረግ ቆርኪ መስጠት ነው፤ ጥሩ ካርታ ጠብቆ ማስከፈል ብቻ። ይህን እያወቅኩም ባለፈው እሁድ ቆጣሪው 9 ላይ ስለነበር ገፋሁበት። ሁለት ሰባት ይዞ አየኝ።