ሸማኔው የቆጠሩት ጥለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ለምትሸጥ ባለሱቅ የቴሌግራም ቻናሏን ፎቶ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እትዬ እላታለሁ። ከጥምቀት በፊት ስድስት አዲስ ቀሚስ አወጣችና ሁሉንም በሱቋ የምትሠራው ልጅ ለብሳ እንድትታይ ፈለገች። ልጅቱ ግን ያን ሰሞን ከደንበኛ ጋር ፋታ አልነበራትም። በጂንስና በአጭር እጅጌ ሰማያዊ ቲሸርት ቆማ አንድ ፎቶ አነሳኋትና «ቀሚሱን እኔ አለብሳታለሁ» አልኩ። አፌን ቁርጥ ያርገው።

መጀመሪያ የያዝኩት የለመድኩትን ኢንፔይንቲንግ ነው። መቀየር ያለበትን ቦታ በማስክ ትሸፍናለህ፣ የምትፈልገውን በጽሑፍ ትነግረዋለህ፣ ሥዕል የሚሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የተሸፈነውን ብቻ ይስላል። ማስኩን የጂንሱንና የቲሸርቱን ጠርዝ ተከትዬ በጥንቃቄ ሳልኩት። የወጣው ቀሚስ እንደ ሱሪ በሁለት የተከፈለ፣ እጅጌው ክርን ላይ የተቆረጠ ነበር። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ክፍተት እኔው ከማስክ ውጭ ስላስቀረሁት፣ ሞዴሉ እዚያ ጨርቅ ሊስል አይችልም። የማስኩ ቅርጽ የአሮጌው ልብስ ቅርጽ ሆኖ አዲሱን ልብስ ይጎትተዋል ማለት ነው። ዲኖይዚንግ የሚባለውን ቁጥር 0.5 ላይ ስለተውኩትም ነጩ ቀሚስ ወደ ሰማያዊ ያጠላ ነበር፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሞዴሉ ከአሮጌው ሥዕል ብዙ ይዞ ይነሳልና። ማስኩን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እጆቿን ጨምሮ ሰፊ አድርጌ፣ ቁጥሩን 1.0 ላይ ሳደርገው ግን ዓይን የሚስብ ቀሚስ ወጣ። እትዬም ወደደችው። ተለጠፈ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ከፍኖተ ሰላም «ልክ ይህን» ብላ ቀብድ ላከች። እትዬ ስልኳን ይዛ ሸማኔው ዘንድ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። አያ ከጉድጓዱ ሳይነሱ ስልኩን ተቀበሉና ሥዕሉን በሁለት ጣት ከፈቱት። ዝም ብለው ብዙ ቆዩ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«ምነው አያ?»

«በግራ ሰባት አልማዝ፣ በቀኝ ስድስት። ይቺኛዋ ደግሞ መስቀል ሆና ጀምራ አበባ ሆና ታልቃለች። ልጄ፣ ጥበብ በክር ቆጠራ ነው። ይህን ድሩ ላይ ልቁጠረው ብል ከየት እጀምራለሁ?»

ጥፋቱ ዲኖይዚንግም ማስክም አልነበረም። ያ ሞዴል የእትዬን ቀሚስ አይቶት አያውቅም። ያገኘው የእኔን ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥለት የሚመስል ነገር ፈጠረ። ሊሸጥ ለተዘጋጀ ልብስ ኢንፔይንቲንግ ብቻውን የማይሆነው በዚህ ነው፦ ያማረ ልብስ ይሰጥሃል፣ ያ ልብስ ግን ሱቅ ውስጥ የለም። ቀብዱ ተመለሰ፤ እኔም የዚያ ሳምንት ክፍያዬን ለመጠየቅ ፊት አጣሁ።

ከዚያ አንድን ልብስ በፎቶ ላይ ላለ ሰው ወደሚያለብሱት ትራይ-ኦን ሞዴሎች ዞርኩ። እነዚህ ሁለት ሥዕል ይቀበላሉ፦ የሰውየውንና ለብቻው የተነሳውን ልብስ። መጀመሪያ የሞከርኩት በVITON-HD መረጃ የሠለጠነ ነበር። ያ መረጃ ፊት ለፊት የቆሙ ሴቶችንና የላይኛ ልብሳቸውን ብቻ የያዘ ስለሆነ፣ ቀሚሱን ቆርጦ ሸሚዝ አደረገውና ከጂንሱ በላይ አስቀመጠው። ልጅቱ አይታ ስትስቅ ዋለች። ቀጥዬ CatVTON ወሰድኩና የልብሱን ዓይነት `overall` ላይ አደረግሁት። ይህኛው የልብሱን ሥዕል ከሰውየው ሥዕል ጎን አስቀምጦ አንድ ላይ ያነባቸዋል፤ ስለዚህ ቀለሙንም፣ ጥለቱ ደረት ላይ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅም ከእውነተኛው ቀሚስ ይቀዳል። ማስክ እዚህም አለ፣ ራሱ ይሠራዋል እንጂ።

ጥለቱ ቦታው ላይ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን መስቀሎቹ እንደ ረጠበ ቀለም ተዋህደዋል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሥዕሉ 768 በ1024 ነው። 165 ሳንቲሜትር የምትሆን ልጅ ከራስ እስከ እግር ወደ 900 ፒክስል ብትይዝ፣ ለአንድ ሳንቲሜትር አምስት ተኩል ፒክስል ያህል ይደርሰዋል። ሞዴሉ ደግሞ ሥዕሉን በቀጥታ አይሠራበትም፤ በየአቅጣጫው ስምንት እጥፍ ያጨመቀውን ነው የሚሠራበት። ስለዚህ የተጨመቀው ሥዕል አንዱ ሕዋስ ስምንት በስምንት ፒክስል፣ ማለትም በየአቅጣጫው አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ጨርቅ ይሸፍናል። የአያ መስቀል አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። ከሕዋሱ ያነሰ ነገር በቁጥር ይጠበቅልኝ ማለት ከወንፊት ውኃ እንደ መጠበቅ ነው።

መፍትሔው ሞዴል መቀየር አልነበረም፣ መጠጋት እንጂ። ደረቱን ለብቻ፣ የታችኛውን ጠርዝ ለብቻ ቆርጬ እያንዳንዱን በሙሉ መጠን አሠራሁትና መልሼ ሙሉ ፎቶው ላይ ገጠምኩት። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ጥለት ግን ለሞዴል አልሰጠሁትም። ከቀሚሱ ፎቶ ቆርጬ በእጄ እጥፋቱን ተከትዬ ለጠፍኩት፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ማስክ አድርጌ ዲኖይዚንጉን 0.3 አድርጌ በኢንፔይንቲንግ አለፍኩበት። የናቅኩት መሣሪያ እዚህ ላይ ካሰኝ፤ መገጣጠሚያ መሸፈን ላይ ከእሱ የሚስተካከል አላገኘሁም።

ነጠላው ቀረ። ትራይ-ኦኑ ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ጨርቅ ሲያይ ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ከእጅጌው ጋር ይሰፋዋል። ለዚህ በትእዛዝ የሚያስተካክል ሞዴል ሞከርኩ፣ Qwen-Image-Edit-2509። ማስክ አይፈልግም፤ ሥዕሎቹን ሰጥተህ ማድረግ የሚገባውን ትጽፋለህ። ነጠላውን እንዴት እንዳስቀመጠው ባየህ! ከትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ጥላው ክንዷ ላይ አርፎ፣ ጣቶቿ ጫፉን ይዘው። እትዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልጅቱ ግን ስልኩን ተቀብላ አየችና «ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች። እኛ አላየንም ነበር፤ ቅንድቧ ላይ ያለው ትንሽ ጠባሳ የለም፣ አገጯም ቀጥኗል።

አሮጌውንና አዲሱን ፎቶ በሁለት ሌየር ደርቤ የላይኛውን `Difference` ላይ አደረግሁት። ያልተነካ ቦታ ጥቁር ሆኖ መቅረት ነበረበት። ፊቷ፣ ግድግዳው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ሁሉም በደካማው ያበራል። ይህ ሞዴል ልብሱን ብቻ አይቀይርም፤ ሙሉውን ሥዕል እንደገና ይስለዋል፣ የቀረውን «እንዳይነካ» ብለህ ብትጽፍም። ውጤቱን መልሰህ እያስገባህ ሌላ ትእዛዝ ከሰጠኸው ደግሞ ፊቱ በየዙሩ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ በየጊዜው ከዋናው ፎቶ እነሳለሁ። ፊቷንም ከዋናው መልሼ እለጥፋለሁ፤ ሥዕሉ ጥቂት ፒክስል ስለሚንሸራተት መጀመሪያ በዓይኖቿ ማዕዘን አስተካክዬ። ጥለቱም በዚያው እንደገና ስለሚሳል፣ ነጠላውን አስቀድሜ አስደርቤ ጥለቱን የምለጥፈው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ፎቶ ከመለጠፉ በፊት አያ ዘንድ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ አምስቱን አሳለፉና ስድስተኛውን መለሱልኝ።

«በቀኝ እጅጌው አንዲት ጎድላለች።»

ዋናውን ቀሚስ ከመስቀያው አውርጄ ቆጠርኩ። ቀሚሱም ላይ ጎድላለች። አያ ተጠግተው አዩትና ሳል ሳል አሉ።

«እሱን የሠራሁት መብራት በጠፋ ማታ ነው» አሉ።