ከ150 ንቅንቅ ያላለው የልብ ምት

በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኛ ሳለሁ የ64 ዓመት እናት «ልቤ ይመታብኛል» እያሉ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ሁለት ቀን ሲያስመልሳቸው ስለሰነበተ የፈሳሽ እጥረት ነው ብዬ ገመትሁ። የኢሲጂ ማሽኑም በወረቀቱ አናት ላይ ሳይነስ ታኪካርዲያ፣ 150 ብሎ፣ ማለትም ምቱ ከተለመደው መነሻው ይነሣል፣ ግን ፈጥኗል ብሎ ስላተመ ግምቴ የጸናልኝ መስሎኝ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን አዘዝሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲስተር ጠርተውኝ «ዶክተር፣ ምታቸው ሲመጡም 150፣ አሁንም 150 ነው፤ አተነፋፈሳቸውም እንደ ቅድሙ አይደለም» አሉኝ። ሳዳምጣቸው የሁለቱም ሳንባ ግርጌ ይንሿሿል። የደም ግፊታቸው ደህና ነበር፤ ፈሳሹን አስቁሜ ስፔሻሊስቱን ጠራሁ።

እሳቸውም የማሽኑን ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ወረቀቱን እንደ አዲስ እንዳነብ አዘዙኝ። የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ሲመቱ በሚታተመው ሹል ሞገድ፣ በኪውአርኤሱ፣ እና በሚቀጥለው መካከል ሁለት ትልልቅ ሣጥኖች አሉ፤ በደቂቃ የሚያልፉት 300 ትልልቅ ሣጥኖች ለሁለት ሲካፈሉ 150 ነው። በቁራጭ ወረቀት ጠርዝ ላይ የሦስት ምቶችን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ወደ ፊት ሳንሸራትተው ምልክቶቹ ሁሉ በትክክል ገጠሙ፤ ስለዚህ ምቱ የተዘበራረቀ አይደለም። የኪውአርኤሱ ስፋት ሁለት ትንንሽ ሣጥን፣ ማለትም 0.08 ሴኮንድ በመሆኑ ምቱ የሚነሣው ከታችኞቹ የልብ ክፍሎች በላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ሳይነስ ነው ቢባልም ያስኬዳል።

«የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ምልክት የሆነችው ፒ ሞገድስ የት አለች?» ሲሉኝ ቪ ዋን በተባለው የኢሲጂ እይታ ላይ ከኪውአርኤሱ በፊት ያለችውን ጉብታ አሳየሁ። «ከእሷ አንድ ትልቅ ሣጥን ወደ ፊት ቁጠር» አሉኝ። ስቆጥር ሁለተኛዋ ጉብታ የኪውአርኤሱ ጅራት መስላ ተሸሽጋ አገኘኋት። ሊድ ሁለት፣ ሦስትና ኤቪኤፍ በተባሉት እይታዎችም በምቶቹ መካከል ያለው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወርድና ሲወጣ እንጂ አንድም ቦታ ተኝቶ አይታይም። የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ 300 ጊዜ ይመታሉ፤ ምቱን ወደ ታችኞቹ ክፍሎች የሚያስተላልፈው ኤቪ ኖድ ግን ከየሁለቱ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ይህ ኤትሪያል ፍላተር ነው።

ስፔሻሊስቱ በታማሚዋ አንገት የደም ሥር ላይ የሹክሹክታ ድምፅ አለመኖሩን ካዳመጡ በኋላ፣ ማሽኑ ሳያቋርጥ እያተመ በአንድ ወገን ብቻ ለ5 ሴኮንድ ያህል አሹት። ኪውአርኤሶቹ ለአፍታ ሲሳሱ የመጋዝ ጥርሶቹ ሳይሸፈኑ ተደርድረው ታዩ፤ ወዲያው ምቱ ወደ 150 ተመለሰ። እሽታው ኤቪ ኖዱን ስለሚያዘገይ ፍላተሩን ይገልጠዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ አያቆመውም።

ሳይነስ ቢሆን ኖሮ ምቱ በሰዓቱ ውስጥ በፈሳሹም ሆነ በዕረፍቱ ጥቂት ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም ነበር። ሆኖም 150 ብቻውን ምርመራ አይደለም፤ የምት መቆጣጠሪያ መድኃኒት በሚወስድ ወይም የላይኛው የልብ ክፍሉ በሰፋ ሰው ላይ ፍላተሩ ቀዝቅዞ 120 ላይ ሊገኝ ይችላል። እኒያ እናት በዚያው ሌሊት ወደ ልብ ሕክምና ክፍል ተዛወሩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከፋይላቸው አውጥቼ ዳግመኛ ሳየው ሁለተኛዋ ጉብታ በእያንዳንዱ ምት ላይ ነበረች።