ኅዳር ላይ ፕሮግራሜ ሰው ያስወጣ የነበረው ለምንድን ነው

ደብረ ብርሃን ላለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የገብስ መረከቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ገብሱ ይመዘናል፣ ኩንታሉ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይታተማል። በአንድ ፕሮሰስ ወራት ያለ ችግር ሠራ። ኅዳር ላይ ገብሱ ሲጎርፍ ግን ተንቀራፈፈ። እኔም `gunicorn -w 4 app:app` ብዬ ወደ 4 ፕሮሰስ አሳደግሁት።

በማግስቱ ጠዋት ከሚዛን ቤት ተደወለ። «ልጄ፣ ገብቼ አንድ ነገር ስነካ መልሶ ያስወጣኛል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይል» አሉኝ መዝጋቢዋ እትዬ።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠርሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ጥያቄ በየትኛው ፕሮሰስ እንደተስተናገደ ሎጉ ላይ እንዲጻፍ `os.getpid()` ጨመርሁ። ነገሩ ወዲያው ታየ። እትዬ የገቡበት ፕሮሰስ ቁጥርና ያስወጣቸው ፕሮሰስ ቁጥር ይለያያል። ጥያቄያቸው ወደገቡበት ሲመለስ ግን ይሠራል። ጥፋቱ እዚህ መስመር ላይ ነበር፦

```python
SECRET_KEY = os.urandom(32)
```

ፍላስክ የመግቢያ መረጃውን ብራውዘር ላይ በኩኪ ያስቀምጥና በዚህ ቁልፍ ይፈርምበታል። 4ቱም ፕሮሰሶች ሲነሡ የየራሳቸውን ቁልፍ ስለሚፈጥሩ፣ አንዱ የፈረመውን ሌላው አይቀበለውም። ምልክቱ ቀድሞም ነበር፤ ሰርቨሩን ዳግም ባስነሣሁ ቁጥር ሁሉም ሰው እንደገና ይገባ ነበር።

```python
SECRET_KEY = os.environ["SECRET_KEY"]
```

ቁልፉን አንዴ ፈጥሬ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ፋይል አስቀመጥሁ። ሲስተምዲ በ`EnvironmentFile=` ያነበዋል፤ ፕሮሰሶቹም ከዋናው ጉኒኮርን ስለሚወርሱት ሁሉም አንድ ቁልፍ ይይዛሉ። ኮዱ ውስጥ ብጽፈውም ማስወጣቱ ይቆም ነበር። ግን ኮዱን ያየ ሁሉ ፊርማ አስመስሎ በእትዬ ስም ሊገባ ይችላል። ነባሪ ዋጋም ሆን ብዬ አልሰጠሁትም። ቁልፉ ከሌለ ፕሮግራሙ በ`KeyError` ሳይነሣ ይቀራል፤ ይህ በተሳሳተ ቁልፍ ከመሥራት በጣም ይሻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፋይሉን ብትቀይሩም የተነሣው ፕሮሰስ አዲሱን ዋጋ አያየውም፣ ዳግም ማስነሣት ግድ ነው።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነበር። አንድ ገበሬ ብዙ ጆንያ ሲያመጣ ያልተጠናቀቀውን ድምር የማስቀምጠው በሜሞሪ ዲክሽነሪ ነበር። 12 ጆንያ በአንዱ ፕሮሰስ፣ 8 ጆንያ ደግሞ በሌላው ቢመዘገብና ደረሰኙን ይኸኛው ሁለተኛው ቢያትም፣ የሚወጣው የ8ቱ ብቻ ይሆናል። ይህ የሰው ገንዘብ ነው፤ ሳስበው አሁንም ያሳዝነኛል። የዚያን ቀን ደረሰኞች አንድ በአንድ ከሚዛን ቤቱ መዝገብ ጋር አስተያየን፤ የጎደለውንም ሞላን።

አሁን እያንዳንዱ ጆንያ እንደተመዘነ ፖስትግሬስ ውስጥ አንድ ረድፍ ሆኖ ይገባል። በሜሞሪ የተውሁት የገብሱን ደረጃዎች ዝርዝር ብቻ ነው፤ እሱ ቢጠፋ ከዳታቤዙ እንደገና ይነበባል። ማታ ሚዛን ቤቱ ሲዘጋ የሙከራ ምዝገባ ጀመርሁና መሐል ላይ አንዱን ፕሮሰስ በ`kill` ገደልሁት። ጉኒኮርን ሌላ ተካ፣ ድምሩም ከነበረበት ቀጠለ።