ስትሮክ ለያዛቸው እናት ውኃ የሰጠሁበት ሌሊት

በድንገተኛ ክፍል ነርስነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለምቆጭ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንዲት የ64 ዓመት እናት በታክሲ መጡ። ልጃቸው "እማዬን መጋኛ መታት። ጎረቤት ጸበል ውሰጃት ሲለኝ አልሰማም ብዬ ነው ያመጣኋት" አለችኝ። ፈገግ ይበሉ ስላቸው የቀኝ ጉንጫቸው አልተነሳም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት እጃቸውን እንዲዘረጉ አደረግኩ፤ ቀኙ ቀስ እያለ ወረደ። ስማቸውን ስጠይቃቸው ምላሳቸው ተሳሰረ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከመጣ ስትሮክ ነው ብሎ መሮጥ ይገባል።

"መቼ ጀመራቸው?" ስላት "2 ሰዓት ላይ" አለች። ይህ ወድቀው ያገኘችበት ሰዓት ነው። እኔ የምፈልገው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ነበር። ደግሜ ስጠይቃት 11 ሰዓት ላይ አብረው ቡና ጠጥተዋል። አራት ሰዓት አልፏል ማለት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው እስከ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲቲ ስካን ደግሞ ውጭ ሄዶ መነሳት ነበረበት። አልደረስንም። ሰዓቱን ስትጽፉ በኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ጻፉት፤ ካርዱ ላይ "2:00" ብቻ ከተጻፈ ቀጥሎ የሚያነበው ሐኪም ሌላ ሰዓት ሊረዳ ይችላል።

የቀረው በወጉ ሄደ። ስኳራቸውን ከጣት ለካሁ፤ ስኳር ሲወርድ ስትሮክ ሊመስል ይችላልና። ደህና ነበር። ኦክስጅናቸው 96 ስለነበር አልጨመርንም። ግፊታቸው 190/105 ነበር፤ የሚያሟሟውን መድኃኒት ለማይወስድ ታካሚ 220/120 እስካላለፈ ድረስ ለማውረድ አንቸኩልም። ሲቲው ደም መፍሰስ አላሳየም። ሐኪሙ አስፕሪን 300 ሚሊግራም አዘዘ።

ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው።

የክፍላችን ኃላፊ "ጎሮሮ ሲነካ ካቅለሸለሸው በአፍ መስጠት ይቻላል" ብለው ነበር ያሠለጠኑን። በእንጨት ነካሁ፤ አቅለሸለሻቸው። "መዋጥ ይችላሉ" ብዬ ጻፍኩ። አስፕሪኑን በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ሰጠኋቸው። ትን አላቸው፤ ሁለቴ ሳሉ። ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው ረጠበ፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ውኃ የቆመ ይመስል ነበር። ሰማሁት። ሰምቼ ወደ ሌላ አልጋ ሄድኩ። ልጃቸው ኪኒኑ ሲወርድ ስላየች ሌሊቱን ከፔርሙዙ አጥሚት እየቀዳች ስትሰጣቸው አደረች። ጠዋት ሙቀታቸው 38.6፣ ኦክስጅናቸው 87 ሆኖ አገኘሁት። አጥሚቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ነበር፤ የሳንባ ምች ያዛቸው።

በዚያ ሥልጠና እስካሁን እናደዳለሁ። ማቅለሽለሹ ጎሮሮ መነካቱን እንደሚያውቅ ብቻ ነው የሚናገረው። መዋጥ ሌላ ሥራ ነው፤ ምላስ ይገፋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ጤነኛ ሆኖ ጎሮሮው ሲነካ የማያቅለሸልሸው ሰውም አለ። በራሴ የምናደደው ግን ይብሳል። ድምፁን ሰምቼዋለሁና።

ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ። ታካሚው ነቅቶ መቆየት ካልቻለ አልሞክርም። ቀጥ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ አፉን አጸዳለሁ፣ ድምፁ ከመጀመሪያው የረጠበ መሆኑን አዳምጣለሁ። ከዚያ ውኃ በሻይ ማንኪያ፣ ሦስት ጊዜ። ጣቴን ማንቁርቱ ላይ አድርጌ ሲነሳ እዳስሳለሁ፤ ከእያንዳንዱ ማንኪያ በኋላ "አ በል" እለዋለሁ። ይህን ካለፈ 90 ሚሊ ሊትር ሳያቋርጥ እንዲጠጣ አደርጋለሁ። ከሳለ፣ ድምፁ ከረጠበ ወይም ውኃው በከንፈሩ ከፈሰሰ አቆማለሁ። ኪኒንም ቢሆን በአፍ አይገባም፤ በአፍንጫ ቱቦ ይሄዳል፣ በማግስቱ እንደገና እሞክራለሁ። ውኃው ሳንባ ገብቶ ጭራሽ የማይስልም ታካሚ አለ። ስለዚህ ፈተናውን ቢያልፍም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሙቀቱንና አተነፋፈሱን አልለቅም።

ሌላው፣ ካርዱ ላይ "ኤንፒኦ" ብሎ መጻፍ አይበቃም። የሚያበላው አስታማሚ ነው፤ አስታማሚ ካርድ አያነብም። ትራስጌ ላይ በትልቁ በአማርኛ "በአፍ ምንም አይሰጥ፣ ውኃም ቢሆን" ብዬ እለጥፋለሁ፤ ለቤተሰቡም አፍ ለአፍ እነግራለሁ።

እኚያ እናት 17 ቀን ተኙ። በዘጠነኛው ቀን ሦስቱን ማንኪያ ዋጡ፣ "አ" ሲሉም ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ልጃቸው ፔርሙዙን እንደያዘች በር ላይ ቆማ "ሲስተር፣ ልቅረብ?" አለችኝ።