ክፍል 30 ንጹህ ነው

የማሸጊያ ዲዛይን ስሠራ የማልወደው ሰው ቢኖር «ስሙን አጣርቼዋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። የአንዱን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ትንሽም ያበሽቀኛል።

ደንበኛዬ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። ቡናውን አሽገው አዲስ አበባ ሊያስገቡ ነው። የመረጡትን ስም ለውጬ «ጨፌ ቡና» ልበለው። የንግድ ፈቃዳቸው ላይ ያው ስም አለ፤ ስለዚህ ያለቀ ነገር መስሏቸዋል። የንግድ ስም ሌላ፣ የንግድ ምልክት ሌላ መሆኑን ስነግራቸው «ምልክቱ በሌላ ሰው አለመያዙን የሚያይ አጣሪ ይዣለሁ፣ አታስብ» አሉኝ።

ማሰቤ ግን አልቀረም። የከረጢቱ ማተሚያ ሲሊንደር በየቀለሙ ለየብቻ ይቀረጻል። ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ስም ተቀየረ ማለት ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው።

አጣሪው የላከው ወረቀት አንድ መስመር ናት፦ «ክፍል 30፣ `Chefe`፣ የለም»።

እውነት ለመናገር ክፍሉን አልሳተም። ለንግድ ምልክት ምዝገባ ዕቃና አገልግሎት የሚከፋፈልበት ዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ 45 ክፍሎች አሉት። ከ1 እስከ 34 ያሉት ለዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 ያሉት ለአገልግሎት ናቸው። ቡና ክፍል 30 ውስጥ ነው፤ ጥሬውም የተቆላውም። ብዙ ሰው ጥሬውን የእርሻ ምርት ብሎ 31 ውስጥ ይፈልገዋል። እሱ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው።

እኔ ግን ወረቀት አውጥቼ ስሙን ሰው ሊጽፈው በሚችለው መንገድ ሁሉ ጻፍኩት። በአማርኛ ጨፌ። እንግሊዝኛ የለመደ `Chefe` ወይም `Cheffe` ይለዋል። በቁቤ ደግሞ `Caffee` ነው፤ እኛ አገር ታፔላው ሁሉ በቁቤ ነው። በ`Ch` የሚፈልግ ሰው በ`Ca` የሚጀምረውን በምን ዕድል ያገኘዋል? «ቡና» የሚለውንም ከፍለጋው አወጣሁት፤ ቡና ሻጭ ሁሉ ስለሚጠቀምበት አይለይም። ከዚያ ቡና በሚነካቸው ክፍሎች አስፈለግሁ፦ 30፣ ችርቻሮ ስላለ 35፣ ቡና ቤት ስላለ 43።

ክፍል 43 ላይ ወጣ። `Caffee`፣ ከነሣር ሥዕሉ፣ ለቡና ቤት አገልግሎት የተመዘገበ። የሐጂም አርማ ላይ ሣር አለ!

ለአጣሪው ደወልኩ።

«ክፍል 30 ነው ያላችሁኝ፣ ክፍል 30 ንጹህ ነው» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ቡናውን የሚጠጣው ሰው ክፍል ያውቃል? እዚያ ቤት ጠጥቶ ሱቅ ሲገባ ይህን ከረጢት ቢያይ የማን ነው ይላል?»

«ቁጥሩ ይለያያል እኮ።»

ቁጥሩ ለመዝገብና ለክፍያ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የማይገናኙ ዕቃዎች ይኖራሉ፤ ክፍል 9 ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራምም የእሳት ማጥፊያም አለ። ቁጥራቸው የተለያየ ሆኖ ገዢውን የሚያምታቱም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998ም ቢሆን ጥያቄው ተጠቃሚው ይደናገራል ወይ ነው። ስለዚህ የተገኘው ምልክት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተዘረዘረው ዕቃ ይነበባል፦ ማን ይገዛዋል፣ የት ይሸጣል፣ ከእኛው ጋር አብሮ ይሄዳል ወይ?

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ዝም አለና መፍትሔ አመጣ። «በቃ ‹ጅማ ጨፌ ቡና› በሉት፣ ይለያል።»

እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጅማ ቡናው የመጣበት አገር ነው፤ ለአንድ ነጋዴ የሚሰጥ አይደለም። ቡና ዕቃው ራሱ ነው። ሁለቱን ስታነሣ የሚቀረው ያው ጨፌ ነው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሐጂ ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ ኮፍያ አደረግህለት እንጂ ሰውዬው ያው ነው» አሉት።

በእርግጥ ምልክት የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ቢቀርብ ውድቅ ይሆን ነበር ብዬ አልምልም። ቡና ቤትና የታሸገ ቡና ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለውን የሚወስነው መርማሪው ነው። በዚያ ላይ ቢያልፍ እንኳ ባለቤቱ መቃወም ይችላል። ሐጂም ሲሊንደር አስቀርጸው ውሳኔ መጠበቅ አልፈለጉም። ስሙን ቀየሩት። አዲሱን በሁሉም አጻጻፍ፣ በሦስቱም ክፍሎች አስፈለግን፤ የሚቀርበው አልተገኘም።

ለአጣሪው ሙሉ ሒሳቡን ከፈሉት። እኔን ግን በዲዛይኑ ዋጋ ላይ ግማሽ ቀን ተከራከሩኝ፤ «አንተማ ስልክ ነው የደወልከው» ብለው። አጣሪው አሁን በቁቤም ይፈልጋል አሉ። ለየአጻጻፉ ለብቻ እያስከፈለ።