ሞኒተር ከመግዛቴ በፊት መዘግየቱን በስልኬ የለካሁበት መንገድ

ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ 43 ኢንች ቴሌቪዥን አለ። ፕሌይስቴሽን 5 ከገዛንበት ቀን ጀምሮ ታናሽ ወንድሜ አንድ ቅሬታ ነበረው፤ በኳስ ጨዋታው ላይ የሹት ቁልፉን ሲጫን ኳሷ ከተጫዋቹ እግር የምትወጣው ዘግይታ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። እኔም ስጫወት ይሰማኝ ነበር። ሰፈራችን ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ስንጫወት ግን ይህ አያጋጥመንም፤ ማሽኑም፣ ጨዋታውም፣ ጆይስቲኩም አንድ ዓይነት በመሆናቸው ጥርጣሬዬ ስክሪኑ ላይ አረፈ፤ ለአዲስ ሞኒተርም ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ሻጩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 1 ሚሊ ሰከንድ እያሳየኝ «ወንድሜ፣ ከዚህ የሚፈጥን አታገኝም» አለኝ። ቤት ገብቼ ጉዳዩን ሳጣራ፣ ይህ ቁጥር እኔ ከምፈልገው ነገር ጋር እንደማይገናኝ ተረዳሁ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሚሊ ሰከንድ በስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመቀየር የሚወስድባት ጊዜ ነው፤ ይህ ቁጥር ከፍ ሲል የሚታየው ችግር በፍጥነት ከምትሄድ ኳስ ኋላ የሚቀር ጥላ ነው። ኢንፑት ላግ የሚባለው መዘግየት ግን ምስሉ በኬብሉ ስክሪኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ለዓይን እስኪታይ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ሲሆን፣ እኔ ባየኋቸው ካርቶኖች በአንዱም ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ራሴ ለመለካት ወሰንኩ።

የተጠቀምኩት በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጸውን የስልኬን ስሎው ሞሽን ነው። በዚህ ፍጥነት አንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ስልኩን መጻሕፍት ደርድሬ አስደገፍኩት፤ ጆይስቲኩን የያዘው አውራ ጣቴና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አደረግሁ፤ በማሽኑ ዋና ገጽ ላይ የቀኝ ቀስቱን ስጫን ምርጫው ወደ ቀጣዩ ጨዋታ ሲዘል ቀረጽኩ። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ በአንድ እየገፋሁ፣ ጣቴ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከተጫነበት ፍሬም አንስቶ በስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ለውጥ እስከታየበት ድረስ ቆጠርኩ። ማሽኑ በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያወጣ፣ ጣቴ በአንዱ ምስል መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ውጤቱ እስከ አራት ፍሬም ድረስ ከፍና ዝቅ ይላል። አሥር ጊዜ ደጋግሜ አማካዩን የያዝኩት ለዚህ ነው።

ቴሌቪዥናችን 40 ፍሬም አሳየ፤ ወደ 167 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። ቀጥዬ በሪሞቱ የቴሌቪዥኑን የምስል ማስተካከያ ከፍቼ `Game` የሚለውን መረጥኩና እንደገና ለካሁ፤ 23 ፍሬም ሆነ፤ 96 ሚሊ ሰከንድ ያህል። ከዚያ ጎረቤታችን ሞኒተሩን ለአንድ ምሽት አዋሰኝ፤ በእርሱ 20 ፍሬም ማለትም 83 ሚሊ ሰከንድ አገኘሁ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም የስክሪኑ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የጆይስቲኩና የማሽኑ ጊዜም ውስጡ አለ። ነገር ግን ማሽኑና ጆይስቲኩ ስላልተቀየሩ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የስክሪኖቹ ልዩነት ነው። በቴሌቪዥኑና በሞኒተሩ መካከል ከነበረው 84 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 71ዱን ያጠፋልኝ ያለ አንዳች ወጪ የሪሞቱ ቁልፍ ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቴሌቪዥን የተሠራው ፊልምና ዜና አሳምሮ ለማሳየት በመሆኑ ምስሉን ተቀብሎ ያጠራል፣ ቀለሙን ያጎላል፤ እንቅስቃሴው የለሰለሰ እንዲመስልም በሁለት እውነተኛ ምስሎች መካከል የራሱን ምስል ይጨምራል። መካከለኛውን ለመሥራት ደግሞ ቀጣዩ ምስል እስኪደርስ ድረስ የፊተኛውን ይዞ መጠበቅ ግድ ነው። የጌም ሁነታ ይህን ሥራ ያስቀረዋል።

ከሳምንት በኋላ ያ መዘግየት ተመለሰ። ስመረምረው እናታችን ሪሲቨሩን ስታስተካክል የፕሌይስቴሽኑ ኬብል ከአንደኛው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ተዛውሯል፤ ቴሌቪዥናችን ደግሞ የጌም ሁነታውን የሚያስታውሰው ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻ ነው። ሁለተኛውንም አስተካክዬ ተገላገልኩ።

ለኳስ ጨዋታው ቴሌቪዥኑ ከዚያ በኋላ በቂ ሆነ፤ ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያወጣ፣ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ፣ ማለትም 120 ሄርዝ የሆነ ስክሪን ቢገዛለትም የምስሉ ቁጥር አይጨምርም። ሞኒተር መግዛታችን የግድ የሆነው ወንድሜ ፎርትናይት ሲጀምር ነው። ይህ ጨዋታ በፕሌይስቴሽን 5 ላይ በሰከንድ 120 ምስል የሚያወጣበት ምርጫ አለው፤ አንዱ ምስል ከሌላው የሚርቅበት ጊዜ ከ16.7 ወደ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፤ ሳሎን ያለው ስክሪን ግን በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ አይታደስም። ማታ ማታ ሳሎኑ የእናታችን መሆኑም አንድ ምክንያት ነበር።

በመኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የወንድሜ ዓይን ከስክሪኑ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ርቀት 27 ኢንች ስክሪን ከላይ እስከ ታች ያለው የነጥብ ብዛት 1080 ከሆነ ነጥቦቹ ለጤነኛ ዓይን ይለያሉ፤ 1440 ሲሆን ግን በጭንቅ ነው። ስለዚህ 4ኬ ላይ ገንዘብ መጨመር አላስፈለገኝም። ፕሌይስቴሽን 5 የ1440 ምስል ማውጣት የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር በወጣ ማሻሻያ በመሆኑ፣ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ካልታደሰ አስቀድሞ ማዘመን ያስፈልጋል።

ልስት ምንም ያልቀረኝ ፒያሳ ባገኘሁት ሞኒተር ነው። ካርቶኑ 1440 እና 144 ሄርዝ ይላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን 144 የሚሠራው ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው ሌላ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ ፕሌይስቴሽን ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ማሽኑን በቦርሳ ይዤ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ስለሰካሁት ነው። `Settings`፣ `Screen and Video`፣ `Video Output` ገብቼ ጥራቱን 1440p አደረግሁ፤ `Enable 120 Hz Output` የሚለውን `Automatic` ላይ መለስኩ፤ ፎርትናይት ውስጥም 120ውን አበራሁ። ጨዋታው እየሄደ ሳለ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ስከፍት የሚገባው ምልክት 60 ሄርዝ ይላል። ዋናው ገጽ ላይ ሆኖ ማየት አይበቃም፤ ማሽኑ ወደ 120 የሚቀየረው የሚደግፍ ጨዋታ ሲከፈት ነው።

ሻጩ አልተቆጣም፤ ኤችዲኤምአይ 2.0 ያለው ሌላ ሞኒተር አወጣልኝ። 1440ን በ120 ለማስተላለፍ ይህ ይበቃል፤ 2.1 የሚያስፈልገው 4ኬን በ120 ለሚፈልግ ሰው ነው። ሜኑው ላይ 2560 x 1440 እና 120 የሚለውን ካየሁ በኋላ ከፈልኩ። ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ወንድሜ የጆሮ ማዳመጫውን ጆይስቲኩ ላይ ሰክቶ ይጫወታል።